ሳጥኑ አራት ነው፣ ጥያቄው ግን ስለ ሦስቱ ነው

አንድ ተማሪ እንዲህ ይጠይቃል፦ «የአንዲት ልጅ ወላጆች አልቢኒዝም የለባቸውም። ወንድሟ አለበት። እሷ ራሷ የለባትም። ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ስንት ነው? እኔ 1/2 አልኩ፣ የመልስ ቁልፉ ግን 2/3 ይላል። አራት ሳጥን ላይ ሦስት ከየት መጣ?»

ከአራቱ አንዱ ስለተሰረዘ ነው። የሰረዘው ደግሞ ጥያቄው ራሱ ነው። «እሷ ራሷ የለባትም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ለጌጥ አልገባችም፤ መልሱ ያለው እዚያች ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አንብቧት ያልፍና እርሳሱን ይዞ ወደ ሳጥኑ ይሮጣል።

ቀስ ብለን እንየው። A ደህናው የዘረመል ቅጂ፣ a የተበላሸው ነው እንበል፤ አልቢኒዝም የሚታየው ሁለቱም a ሲሆኑ ብቻ ነው፣ አንድ a ብቻ ያለው ሰው ተሸካሚ ይባላል። ወንድሟ aa ነው። አንዱን a ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ወስዷል። ወላጆቹ ግን አልቢኒዝም የለባቸውም፣ ስለዚህ ሁለቱም Aa ናቸው። እስከዚህ ድረስ ማንም አይሳሳትም። ከእናትና ከአባት የሚመጡትን ቅጂዎች የሚያጣምረውን የፑኔት ሳጥን ሲስሉት AA፣ Aa፣ Aa፣ aa ይወጣል። አሁን ልጅቷን ከአራቱ አንዱ ላይ ማስቀመጥ ነው። aa ላይ ልትሆን አትችልም፤ ብትሆን ኖሮ ይታይባት ነበር። ስለዚህ aa ይሰረዛል። የቀሩት ሦስት ናቸው፣ ከሦስቱ ሁለቱ Aa ናቸው። አለቀ።

በሳጥን ማሰብ የሚከብደው ሰው በሰው ይቁጠረው። እንደነዚህ ካሉ ወላጆች የተወለዱ 400 ልጆች አንድ አዳራሽ ውስጥ አሉ እንበል። በግምት 100ው AA፣ 200ው Aa፣ 100ው aa ናቸው። አሁን «አልቢኒዝም ያለባችሁ ወደ ውጭ» ተባለ። 100 ሰው ወጣ። አዳራሹ ውስጥ 300 ቀሩ፣ ከነሱ 200ው ተሸካሚ ናቸው። ልጅቷ ከቀሩት መካከል ናት። እስካሁን 1/2 ያለው ሰው ስህተቱ ሰዎቹ ከወጡ በኋላም በ400 ማካፈሉ ነው።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሚነሳ ክርክር አለ፤ ጥሩ ክርክርም ነው። «ስትፀነስ ዕድሉ 1/2 ነበር፣ ከተወለደች በኋላ ዘረመሏ ተቀየረ እንዴ?» አልተቀየረም። የተቀየረው እኛ ስለሷ የምናውቀው ነገር ነው። ከመወለዷ በፊት ብትጠየቁ «ገና የሚወለደው ልጅ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ?» መልሱ 1/2 ነው፣ ትክክልም ነው። ተወልዳ፣ ታይታ፣ ጤነኛ መሆኗ ከታወቀ በኋላ ከተጠየቃችሁ ግን 2/3 ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን አንድ አይደለም።

ይሄ የፈተና አውጪዎች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ሜንዴል ራሱ ነው መጀመሪያ የቆጠረው። በ1866 በታተመው ጽሑፉ ላይ እንደ ልጅቷ ወላጆች Aa ከሆኑ ተክሎች ያገኛቸውን 7324 የአተር ዘሮች ቆጥሮ 5474ቱ ክብ፣ 1850ው የተጨማደዱ ሆነው አገኛቸው። ሁላችንም የምናውቀው 3 ለ 1 ይሄ ነው። ብዙዎቻችን የተማርነውም እዚህ ላይ ይቆማል። እሱ ግን አልቆመም። የተጨማደዱትን ትቶ ክቦቹን ብቻ ወሰደና ዘራቸው። ከበቀሉት 565 ተክሎች 193ቱ ክብ ዘር ብቻ ሰጡ፣ 372ቱ ግን ክብና የተጨማደደ ቀላቅለው ሰጡ። 372ን ለ565 አካፍሉት፤ 0.658 ይመጣል። ከሦስት ሁለቱ ማለት ነው። የተጨማደዱትን ጎን ማድረጉ እና የልጅቷን aa መሰረዛችን አንድ ሥራ ነው።

እኔ ጥፋቱን የምጥለው ተማሪው ላይ ሳይሆን አስተማሪዎቹ (እኔን ጨምሮ) ላይ ነው። ሳጥኑን ስናስተምር «አራት ሳጥን አለ፣ የምትፈልጉትን ቁጠሩና ለአራት አካፍሉ» ብለን እንለቃለን። በመጀመሪያዎቹ አስር መልመጃዎች ይሠራል። ስለሚሠራም ሥር ይሰዳል። ሳጥኑ የሚነግረን ግን አራቱ ውጤቶች እኩል ዕድል እንዳላቸው ብቻ ነው። ለስንት እንደምናካፍል የሚነግረን ጥያቄው ነው።

የአማርኛ ሰዋስው ደግሞ እዚህ ላይ ያግዛል፣ ልብ ብሎ ላነበበው። እናት ቀይና አረንጓዴ መለየት አለመቻልን በኤክስ ክሮሞዞሟ የተሸከመች ናት፣ አባት ደህና ያያል እንበል። ሁለት ጥያቄዎች እነሆ። አንደኛው፦ «ወንድ ልጃቸው ቀለም የማይለይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» ሁለተኛው፦ «ልጃቸው ቀለም የማይለይ ወንድ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» ቃላቱ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። «ወንድ» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት ቦታ የቀየረችው።

የመጀመሪያው ላይ ወንድ መሆኑ ተሰጥቷል። የሴቶቹን ሁለት ሳጥኖች ሰርዙ። ከቀሩት ሁለት ወንዶች አንዱ ቀለም አይለይም፤ 1/2። ሁለተኛው ላይ ግን ወንድ መሆኑም ገና የሚጠየቅ ነገር ነው። የሚሰረዝ የለም፣ ከአራቱ አንዱ፤ 1/4። ከ«የመሆን ዕድሉ» በፊት ባለቤት ሆኖ የገባው የምናካፍልበት ነው፣ «የመሆን» ላይ የተንጠለጠለው ደግሞ የምንቆጥረው ነው። «ከ... ውስጥ» ወይም «ከ... መካከል» የሚል ካለ ደግሞ ሥራው ቀላል ነው፦ «ከወንዶቹ መካከል» ካለ ለወንዶቹ ቁጥር ነው የምናካፍለው፣ ሌላ ፍልስፍና አያስፈልገውም።

አንድ ተጨማሪ ወጥመድ እዚሁ አለ። 1/4 ካገኘ በኋላ «ወንድ ስለተባለ» ብሎ እንደገና በ1/2 የሚያባዛና 1/8 የሚጽፍ አለ። ልማዱ ከአልቢኒዝም የመጣ ነው። እዚያ ሳጥኑ ስለ ጾታ ምንም አያውቅም፣ ስለዚህ ከሁለት ተሸካሚዎች «አልቢኒዝም ያለበት ወንድ» ሲባል 1/4 በ1/2 ሲባዛ 1/8 ይሆናል፣ ልክ ነው። በኤክስ ላይ ባለ ዘረመል ግን ኤክስና ዋዩ ሳጥኑ ውስጥ ስላሉ ጾታው ተቆጥሯል። ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ፣ ምክንያቱም ፔዲግሪ በሚባለው የቤተሰብ የዘር ሐረግ ሥዕል ላይ ጉዳዩ የሚጦዘው ስታገባ ነው። ያገባችው ሰው አልቢኒዝም የለበትም፣ ወላጆቹም የለባቸውም፣ እህቱ ግን አለባት። ሥዕሉ ላይ እሷ ባዶ ክብ፣ እሱ ባዶ ካሬ ናቸው። ባዶ ማለት ደግሞ «አይታይበትም» ማለት እንጂ «AA ነው» ማለት አይደለም፤ ይሄን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። እሷ 2/3፣ እሱም 2/3። ሁለቱም ተሸካሚ የመሆናቸው ዕድል 4/9 ነው። ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ ልጁ aa የመሆን ዕድሉ 1/4 ነው። ሲባዛ 1/9።

እዚህ ላይ 1/2 በ1/2 በ1/4 አድርጎ 1/16 የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያውን ስህተት ሁለት ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው። ከ1/16 ወደ 1/9 ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ ለሚወልዱት ባልና ሚስት ግን እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

አሁን ወለዱ። ልጁ አልቢኒዝም የለበትም። የሁለተኛው ልጅ ዕድልስ? ብዙ ሰው «አንዱ ልጅ ሌላውን አይነካም» ብሎ 1/9 ላይ ይቆያል። የዘረመል ቅጂዎቹ ሲደርሱት አይነካውም፣ እውነት ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ልጅ ስለ ወላጆቹ አንድ ነገር ነግሮናል። እንደነሱ ያሉ 90 ባልና ሚስቶች እንውሰድ። በ40ዎቹ ሁለቱም ተሸካሚ ናቸው፣ በ50ዎቹ ቢያንስ አንዱ አይደለም። ሁሉም አንድ አንድ ልጅ ሲወልዱ ከ40ዎቹ 10ሩ aa ልጅ ይወልዳሉ፣ 30ዎቹ ጤነኛ። 50ዎቹ ሁሉም ጤነኛ። የኛዎቹ ባልና ሚስት ጤነኛ ከወለዱት 80 ውስጥ ናቸው፣ ከነሱ ሁለቱም ተሸካሚ የሆኑት 30 ናቸው። 4/9 የነበረው 3/8 ሆነ። የሁለተኛው ልጅ ዕድል 3/8 በ1/4፣ 3/32 ነው። ከ1/9 ትንሽ ዝቅ አለ። ጤነኛ ልጅ ማስረጃ ነው፣ ግን ደካማ ማስረጃ።

የመጀመሪያው ልጅ aa ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያ ሁሉ ክፍልፋይ ይጣል ነበር። ወላጆቹ ያለ ጥርጥር Aa ሆኑ፣ ቀጣዩ ልጅ ዕድሉ 1/4። ፈተና ላይ «የመጀመሪያ ልጃቸው አልቢኒዝም አለበት» ብሎ አስቀምጦ ከአያቶቹ ጀምሮ አምስት ትውልድ የሚስል ጥያቄ አይቻለሁ። ተማሪው ከላይ ጀምሮ 2/3 ሲያባዛ ሰዓቱ ያልቃል። መልሱ ያለው ሥዕሉ ታች፣ በጠቆረችው አንዲት ካሬ ላይ ነው። ስለዚህ ፔዲግሪ ከታች ወደ ላይ ቢነበብ እመርጣለሁ።

2/3 የማይሠራበት ቦታም አለ። aa መሆኗን መሰረዝ የቻልነው አልቢኒዝም ከተወለዱ ጀምሮ ስለሚታይ ነው። በሽታው በአርባ ወይም በሃምሳ ዓመት የሚጀምር ቢሆንና ልጅቷ ሃያ ዓመቷ ቢሆን «የለባትም» የሚለው ገና አይታወቅም፤ አራተኛዋን ሳጥን ሙሉ በሙሉ መሰረዝ አይቻልም። 1/9ም ቢሆን የሁለቱ ቤተሰቦች አልቢኒዝም ከአንድ ዘረመል መጣ ብለን ስለወሰድን ነው የወጣው። አልቢኒዝም ደግሞ ከአንድ በላይ በሆኑ ዘረመሎች ይመጣል። የእሷ ቤተሰብ በአንዱ፣ የእሱ ቤተሰብ በሌላው ከሆነ፣ ከሁለቱ የሚወለደው ልጅ ከያንዳንዱ አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ቢወስድ እንኳ ከያንዳንዱ ዘረመል አንድ ደህና ቅጂ ይቀርለታል፣ አልቢኒዝም አይታይበትም። ፈተና ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ አይነገርም፣ «በአንድ ዘረመል የሚወሰን» የምትል ሐረግ ካለች ግን ለዚህ ነው የገባችው።