እርማት፦ ፊርማ ብቻውን ቃልን ውል አያደርገውም

«አሜሪካ ነኝ። ከኮሌጅ ከተመረቅኩ በኋላ አጎቴ ደስ ብሎት 10,000 ዶላር እሰጥሻለሁ ብሎ ጽፎ ፈረመልኝ፣ አሁን ዝም አለ። ፊርማ ካለ ውል ነው፣ ኮርት ያስከፍለዋል አይደል?»

አይ እህቴ፣ ይሄ ብዙ ሀበሻ የሚሳሳትበት ነገር ነው። ፊርማው ቃል መግባቱን ያሳያል እንጂ እዚህ ሀገር ቃል የሚያስረው በልዋጩ የተጠየቀ ነገር ሲኖር ነው፣ እሱን ነው ኮንሲደሬሽን የሚሉት። አንቺ ደሞ ቃሉ ሲመጣ ተመርቀሽ ጨርሰሻል፣ ለሱ ብለሽ ያደረግሽው የለም፣ ያለፈ ነገር በጥቅሉ አይቆጠርም፣ ስለዚህ የስጦታ ቃል ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1891 ኒውዮርክ ላይ የተፈረደውን የሃመር እና ሲድዌይ ኬዝ እዪው። አጎትየው ለወንድሙ ልጅ 21 ዓመት እስኪሞላህ መጠጥ፣ ትምባሆ፣ ስድብና የገንዘብ ቁማር ከተውክ 5,000 ዶላር እሰጥሃለሁ አለው፣ ልጁም ተወ። አጎትየው ሳይከፍል ሞተ፣ የንብረቱ አስፈጻሚም «ልጁ ራሱ ነው የተጠቀመው እንጂ አጎቱ ምን አገኘ» ብሎ ተከራከረ፣ ፍርድ ቤቱ ግን በሕግ የተፈቀደለትን ነገር በቃሉ ምክንያት መተዉ ይበቃል ብሎ አስከፈለ። አየሽ ልዩነቱን? አጎትሽ ቀድሞ «ከተመረቅሽ» ብሎሽ ለሱ ብለሽ ተምረሽ ቢሆን ክርክር ነበረሽ።

አንድ ቀዳዳ አለች፣ ቃሉን አምነሽ ለምሳሌ ሥራ ለቀሽ ከተጎዳሽና እሱም ይሄን መገመት ከነበረበት ዳኛው ፍትሕ ብሎ ሊያስከፍለው ይችላል፣ ግን ሙሉውን ላይሆን ይችላል።

ግራ የሚያጋባን የሀገር ቤቱ ሕግ ነው መሰለኝ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ኮንሲደሬሽን የሚባል ነገር አይጠይቅም።