ኒው ፐብሊክ ማኔጅመንት ሽያጭ ብቻ አይደለም

እንዲህ የሚል አስተያየት ይሰማል፦ «ኒው ፐብሊክ ማኔጅመንት ማለት የመንግሥትን ድርጅት ለግል መሸጥ ነው፤ ተቋማት ተባብረው በሚሠሩበት አካሄድ፣ በገቨርናንስ የተተካውም ሽያጩ ስላልሠራ ነው።»

አይደለም። ኒው ፐብሊክ ማኔጅመንት የመንግሥትን ሥራ እንደ ግል ድርጅት በውልና በውጤት የማስተዳደር አካሄድ ነው። ሽያጭ አንዱ ጎኑ ነው እንጂ ዋናው ለውጥ የተካሄደው ሳይሸጡ በቀሩት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ነው። ኒውዚላንድን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ሕግ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ቋሚነት አስቀርቶ ቢበዛ ለ5 ዓመት በኮንትራት እንዲቀጠሩ አደረገ፤ ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣንም ሰጣቸው። በ1989 ደግሞ በጀት ለደመወዝና ለዕቃ መግዣ መመደቡ ቀርቶ ለሚቀርበው አገልግሎት ሆነ።

ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው። ኃላፊው የሚጠየቀው በራሱ ውል ስለሆነ፣ በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል የወደቀ ጉዳይ ባለቤት ያጣል። ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣውንና ልብን የሚጎዳውን የሩማቲክ ትኩሳትን ውሰዱ፦ የልጁን ጉሮሮ የሚያክመው የጤናው ዘርፍ ነው፤ በሽታውን የሚያባብሰው የተጨናነቀ ቤት ግን የቤቶች ዘርፍ ሥራ ነው። ሁለቱም ውላቸውን አሟልተው ልጁ ሊታመም ይችላል። በ2001 የወጣው የመንግሥት ግምገማ ይህን መበታተን በግልጽ ነቀፈ፤ በ2012 ሩማቲክ ትኩሳትን መቀነስ መሥሪያ ቤቶች በጋራ ከሚጠየቁባቸው 10 ግቦች ውስጥ ገባ። የኃላፊዎቹ ኮንትራት ግን አልተሻረም፤ የገቨርናንስ የጋራ ተጠያቂነት በላዩ ላይ ተደረበ እንጂ።