ስልሳ አራት እቁብ

ሥራ ከለቀቅኩ ወዲህ ያፈራሁት ንብረት አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። መሥሪያ ቤት፣ የሥራ መደብ፣ መዝጊያ ቀን፣ ሁኔታ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ያመለከትኩበት ቢጫ፣ የተጠራሁበት አረንጓዴ ይቀባል። በአራት ሳምንት 64 የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ ከቴሌግራም፣ ከጋዜጣና ከየመሥሪያ ቤቱ በር ለቅሜ አስገባሁ። ጠዋት ስከፍተው የመስከረም ሜዳ ይመስላል፤ አደይ በአደይ።

ለመዝጊያው የቀረውን ቀን የሚቆጥር ቀመርም አለው።

```
=C2-TODAY()
```

ይህ ቀመር ይሉኝታ አያውቅም። «ነገ እልከዋለሁ» ያልኩት መደብ ፊት -9 ጽፎ ይጠብቀኛል።

አንድ ቀን እናቴ ከኋላዬ ቆማ አየችው።

«ይሄ ሁሉ ቢጫ ምንድን ነው?»

«ያመለከትኩባቸው ናቸው እማዬ። አርባ አንድ።»

«ስንቱ ጠራህ?»

«ሦስት።»

«እና ስልሳ አራት እቁብ ገብተህ በምን ልትጥል ነው?»

ተናደድኩ። ከዚያ ሦስቱን አረንጓዴዎች ከፍቼ አየሁ። ለሦስቱም የመደቡን ዝርዝር አንብቤ፣ ማመልከቻውን ለየብቻ ጽፌ ነበር። ለ38ቱ የሄደው አንድ ደብዳቤ ነው፤ ለባንክ የላክሁት ሳይቀር «በኢንሹራንስ ድርጅታችሁ ለማገልገል» ይላል። ሦስት ጥሪ ብዙ አያስመሰክርም፤ ደብዳቤው ግን ራሱ ይመሰክርብኛል።

የእኔ መዋጮ ሰዓት ነው። የሁለት ሱቆችን ሒሳብ እየያዝኩ ለፍለጋ የሚተርፈኝ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። «በአካል ቀርባችሁ ተመዝገቡ» የሚለው ማስታወቂያ ከነሰልፉ 4 ሰዓት ይበላል፤ የትምህርት ማስረጃ ዋናውንና ኮፒውን ይዞ ሄዶ፣ «የልምድ ደብዳቤህ የሥራ ግብር መከፈሉን አይገልጽም» ተብሎ መመለስን ሳይጨምር። በኢሜይል የሚላክ፣ በደንብ ከተጻፈ፣ 2 ሰዓት ይፈጃል። አንድ በአካል፣ ሦስት በኢሜይል፤ 10 ሰዓት ሆነ። የቀረው 2 ሰዓት ለፈተና ማንበቢያ ነው። እንግዲህ የሳምንቱ እቁብ አራት ነው። የፈተና ጥሪ በመጣበት ሳምንት ወደ ሁለት ይወርዳል፤ የተጠራሁበትን ሳላነብ አዲስ መላክ ሌላ ቢጫ መዝራት ነው። ካመለከትኩ 30 ቀን ያለፈውና ድምፅ ያጣሁበት ደግሞ «ነፍስ ይማር» ወደሚል ገጽ ይዛወራል። ገና ያልነካኋቸው 23ቱ አብዛኞቹ ቀናቸው አልፎ ስለነበር ቀብሩ አልከበደም።

ባለፈው ዓርብ አራቱ ሞልተው ሳለ አምስተኛ ማስታወቂያ መጣ። ደመወዙ ያማረ፣ ቢሮው ከቤቴ በእግር የሚደረስ። ቀመሩ 1 ይላል። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ልጻፈው፣ ወይስ አንዱን ላስወጣ እያልኩ ስቁለጨለጭ እናቴ ከጓዳ «የእቁቡ ዳኛ ማን ነው?» አለችኝ።

ከአራቱ አንዱ የ8 ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ነበር። እኔ ያለኝ 3 ነው። እሱን ሰረዝኩት።