ቼኩ ሦስተኛ ሰው እጅ ከገባ በኋላ

«ሲሚንቶው ካልመጣልኝ ቼኩን ማንም ይዞት ቢመጣ አልከፍልም፣ ሕጉም ከኔ ጋር ነው»

ኧረ ወንድሜ እንደሱ አይደለም፣ ይሄ ነገር ብዙ ሰው አስከስሷል። ለሻጩ የ200 ሺህ ብር ቼክ ጻፍክለት እንበል፣ እሱ ደሞ ሲሚንቶውን ሳያመጣ ጀርባው ላይ ፈርሞ ለብረት አቅራቢው በዕዳው አስተላለፈው። ሻጩ ራሱ ቢከስህ «ዕቃው አልደረሰኝም» ብለህ መከራከር ትችላለህ፣ ብረት አቅራቢው ላይ ግን አይሰራም፣ የ1952ቱ ንግድ ሕግ አንቀጽ 717ን እየው። ያንተና የሻጩ ጣጣ እሱን አይመለከተውም፣ ሆን ብሎ አንተን ለመጉዳት እያወቀ ካልተቀበለው በቀር፣ እሱንም የምታስረዳው አንተ ነህ (ቀላል እንዳይመስልህ)። ፊርማህ ተመሳስሎ ተፈርሞ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያንን ማንም ላይ ታነሳዋለህ። ሲሚንቶውን ከሻጩ በሌላ ክስ ጠይቅ።