ኪሎውን ሳይሆን ካርቶኑን ንገሩን

«ቀሚሱ ሁለት ኪሎ አይሞላም ብላችሁኝ አልነበር? ታዲያ የስድስት ኪሎ ተኩል ሂሳብ ከየት መጣ?»

ጥያቄው በቴሌግራም የመጣው አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የተጻፈው ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ለምትሸጠው እህቴ ቢሆንም ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ወደ ውጭ የሚላከውን የማሽገው እኔ ነኝና።

ስለ ሚዛኑ አልዋሸንም። ቀሚሱ ከነነጠላው 1.8 ኪሎ ነበር። ጥለቱ እንዳይጨማደድ ብዬ ግን 45 በ35 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ውስጥ ዘርግቼ አስቀመጥኩት። በአውሮፕላን የሚያደርሱት ፈጣን መልእክተኞች ዕቃው የሚይዘውን ቦታም ይቆጥራሉ። ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው በሴንቲ ሜትር ይባዛና ለ5000 ይካፈላል፤ የተገኘው ቁጥር ከሚዛኑ ከበለጠ የሚያስከፍሉት በእሱ ነው። የእኔ ካርቶን 6.3 ወጣ፤ ወደ ላይኛው ግማሽ ኪሎ ሲጠጋ 6.5 ሆነ። ከአራት ኪሎ በላይ አየር ልከን ለአየሩ የከፈለችው ደንበኛችን ናት።

ለቀጣይዋ ደንበኛ ያንኑ ዓይነት ቀሚስ በየእጥፋቱ ስስ ወረቀት እያስገባሁ አጠፍኩት፤ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልዬ 35 በ28 በ9 ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። ስሌቱ 1.76 ስለወጣ ሂሳቡ በሚዛኑ ሆነ፤ ሁለት ኪሎ ብቻ። ቀሚሱ ትንሽ ተጨማደደ፤ ካውያ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ሻጮች «ስንት ኪሎ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ የታሸገውን ካርቶን ልክ በሜትር ለክተው አብረው ቢናገሩ እላለሁ። የቀሚሱ ኪሎ ብቻውን ለገዢዋ ምንም አይነግራትም።

ከዚህ የከፋው የጉምሩኩ ወሬ ነው። «ከ800 ዶላር በታች ስለሆነ ቀረጥ የለውም» የሚሉ ሻጮች ዛሬም አሉ። አሜሪካ ያንን ነጻ መብት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም አገር አግዳዋለች። የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበትን አጎዋን የሚጠቅሱም አሉ፤ ኢትዮጵያ ግን ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጎዋ ወጥታለች። ገዢዋ ይህን ሳታውቅ በሯ ላይ የቀረጥና የማስፈጸሚያ ክፍያ ሲጠየቅ ደንግጣ አልቀበልም ትላለች፤ ካርቶኑም ይመለሳል፣ የመመለሻውን ሂሳብ ደግሞ ሻጩ ይከፍላል።

አንዳንድ ገዢዎች ራሳቸው «ስጦታ ብለህ ጻፈው፣ ዋጋውን 40 ዶላር አድርገው» ይላሉ። እውነተኛ ስጦታ ከሆነ አሜሪካ እስከ 100 ዶላር ያለ ቀረጥ ታስገባለች፤ የተሸጠ ቀሚስ ግን ስጦታ አይደለም። ደግሞስ 220 ዶላር የተከፈለበት ዕቃ ቢጠፋ ካሳው ከተጻፈው 40 ዶላር አያልፍም። እኔ ወረቀቱ ላይ «ልብስ» ብዬ አላልፍም፤ የሴት ቀሚስ፣ ከጥጥ የተሸመነ፣ ኢትዮጵያ የተሠራ፣ የታሪፍ ቁጥሩ 6204.42፣ ዋጋው የተከፈለው። «ልብስ» የሚል ወረቀት ፈታሹን ካርቶኑን ክፈት ማለት ነው። (ጎኑ ላይ ቋንጣ ጣል አድርጉልኝ የምትሉም እባካችሁ ተዉ። ሥጋው ይያዛል፣ ቀሚሱም አብሮት ይዘገያል።)

ቀኑን በተመለከተ «በአምስት ቀን ይደርሳል» የሚለው ቃል የሚያጣላን ከየት እንደሚቆጠር ስለማንናገር ነው። መልእክተኛው የሚቆጥረው ዕቃውን ከተረከበበት ዕለት ነው፤ ቅዳሜና እሑድን አይጨምርም፤ ጉምሩክ ያቆየውም በእሱ ሂሳብ አይገባም። ገዢዋ ግን ገንዘብ ከላከችበት ሌሊት ጀምራ ትቆጥራለች። በመሃል ሸማኔው አለ። በምርጫዋ ጥለት የሚሸመን ቀሚስ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ ከዚያም ልብስ ሰፊ ጋ ይሄዳል። በመስከረም ደግሞ ሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ለመስቀል ወደ ጋሞ ይወጣሉ፤ መወርወሪያው ይቆማል። ለጥቅምት ሠርግ በመስከረም መጀመሪያ የታዘዘ ቀሚስ የሚዘገየው አውሮፕላን ላይ ሳይሆን እዚያው ነው።

እህቴ ይህን መጻፍ መጀመሪያ አልወደደችም፤ «ገዢ ታባርርብኛለህ» አለችኝ። አሁን ከፎቶው ሥር እንዲህ ትጽፋለች፦ «ሽመናና ስፌት 25 ቀን። ካርቶን 35 በ28 በ9፣ የሚከፈልበት ክብደት 2 ኪሎ። ከተላከ በኋላ ከ5 እስከ 8 የሥራ ቀን፣ ጉምሩክ ካቆየው ይጨምራል። ቀረጡን ተቀባይ ይከፍላል። ለመስቀል ሰሞን ትዕዛዝ አንቀበልም።» የሲልቨር ስፕሪንጓ ደንበኛችን አንብባው ለልጇ ሁለተኛ ቀሚስ አዘዘች፤ ሁለቱን ቀሚስ በአንድ ካርቶን ብንልክ ስንት እንደሚወጣም አብራ ጠየቀች።