ዘጠኝ ጊዜ «እዚህ ይጫኑ»

ዛሬስ በቃኝ! ማየት የተሳናት እህቴ ባሕር ዳር ቤታችን ተቀምጣ ወደ ዘጌ የሚሄደውን ጀልባ መነሻ ሰዓት ከአንድ ድረ ገጽ ላይ ፈለገች። በስክሪን አንባቢዋ፣ በNVDA፣ Insert+F7 ተጭና የሊንኮቹን ዝርዝር በቀስት ቁልፍ ስትወርድ «እዚህ ይጫኑ» የሚለውን ዘጠኝ ጊዜ አነበበላት። ወደ ዘጌ የሚወስደው የትኛው «እዚህ» ነው? በዝርዝሩ ውስጥ ሊንኩ ከዓረፍተ ነገሩ ተነጥሎ ብቻውን ይሰማል፤ «የዘጌ ጀልባ መነሻ ሰዓት» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

H እየተጫነች ከርእስ ወደ ርእስ ልትዘል ሞከረች፤ አንድም ርእስ አልተገኘም። ጸሐፊው ፊደሉን አወፈረው እንጂ በ`<h2>` ኮድ ርእስ መሆኑን አላመለከተም፤ ለዓይን ርእስ የመሰለው ለእርሷ ተራ መስመር ነው። እኔ ላነብላት ብጠጋ፣ በነጭ ላይ የተጻፈው ፈዛዛ ግራጫ ፊደል በመስኮቱ ብርሃን ጨርሶ አልታይ አለኝ። እስከዚያ ጀልባው ሄዷል።