ክብር ለፎቶ ኮፒ ሰልፈኞች

ሰሞኑን ፈረንጅ አራዳ አንዲት ወረቀት ኮፒ ላስደርግ ወጥቼ ግማሽ ቀኔ እዚያው አለቀ። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ ምረቃ አልፏል። የጅማ ፎቶ ኮፒ ቤቶች በሙሉ በአዲስ ምሩቃን ተይዘዋል። ከፊቴ የቆመው ልጅ ሲቪውን ሠላሳ ቅጂ አዘዘ። ቴምፖውን ሠላሳ። ስቱደንት ኮፒውን ሠላሳ። የመውጫ ፈተና ውጤቱንም ሠላሳ።

"የት የት ልታስገባ ነው?" አልኩት።

"እሱን ገና አላወቅኩም ጋሼ" አለኝ።

ይህን ጀግንነት ሳላመሰግን ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። የት እንደሚያስገባ ሳያውቅ ሠላሳ ቅጂ የሚያባዛ ሰው ቀላል ሰው አይደለም። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ እዚያው ግቢ ውስጥ ካሪየር ወደምንለው የሙያ ማዕከል ጎራ ይልና "ከእኛ ዲፓርትመንት በፊት የወጡት የት ገቡ?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። ወንበር ስቦ፣ ጥላ ሥር፣ በነፃ። ይሄ ደግሞ ነውር ነው። ሥራ ፍለጋ ካላደከመ ምኑን ሥራ ፍለጋ ሆነ?

ከሰልፈኞቹ ሁሉ ግን አብልጬ የማደንቀው አንድ ዓይነት አለ። "ባለ ጋለሪው" እለዋለሁ። ሰፈራችሁ ውስጥ ቢያንስ አንድ ይኖራል። ባለ ጋለሪው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ካየ ፎቶ ሳያነሳ አያልፍም። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ካየ ባጃጁን ያስቆማል። ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ ቻናል የሚባል ያልተቀላቀለው የለም። ማታ ማታ ስልኩ ሲንጫጫ ለጎረቤት ሁሉ ይተርፋል። የመኪና መካኒክ ይፈለጋል ሲባል ያስቀምጣል። አዋላጅ ነርስ ሲባል ያስቀምጣል። "ስምንት ዓመት ልምድ ያለው የሒሳብ ኃላፊ" ሲባልማ ያስቀምጥና ከሥሩ "ኢንተረስትድ ነኝ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ" ብሎ ይጽፋል። የተመረቀው በሆርቲካልቸር ነው። ስልኩ ሞላብኝ ሲል ምን እንደሚያጠፋ ታውቃላችሁ? የምረቃ ፎቶውን። እናቱ እቅፍ አበባ ይዛ የቆመችበትን ፎቶ አጥፍቶ፣ የመመዝገቢያ ቀኑ ያለፈበትን የጥበቃ ሠራተኛ ማስታወቂያ ያስቀርልናል። አንዴማ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ማመልከቻ ሳጥን ውስጥ ከትቶ መጣ። ሳጥኑ የማመልከቻ ሳይሆን የአስተያየት መስጫ እንደነበር የነገረው የጥበቃ ሠራተኛው ነው፣ እሱም ከከተተው በኋላ። አንድ ቦታ ደግሞ የማመልከቻ ደብዳቤው ላይ የሌላ መሥሪያ ቤት ስም ሳይቀይር ቀርቶ ባንኩን "በሆስፒታላችሁ ለማገልገል ያለኝን ጽኑ ፍላጎት" ሲል ገለጸለት። ሁለት ወር ሙሉ መልስ ጠበቀ። አሁንም "ሥራ ያለ ዘመድ የለም" ይላል። ሲናገረው ደግሞ እንዴት ያምርበታል!

በቃ፣ ስለ እሱ ካልቆምኩ አልጨርስም።

አሁን ስለ አንዲት ሰነፍ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም፤ ቤተሰቦቿ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። እሷም ሆርቲካልቸር ናት። ሲቪዋን ሳታባዛ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ሳትቆም፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ካሪየር ገባች። ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛው፣ ምሩቃን ከወጡ በኋላ የት እንደገቡ እየተጠየቀ የሚሰበሰበው፣ ትሬሰር ስተዲ የሚሉት መረጃ ነው። ሁለተኛው፣ ቀጣሪዎች "ተመራቂ ላኩልን" ብለው የጻፏቸው ደብዳቤዎች ፋይል። የሰው ስም አልፈልግም፣ ስልክም አልፈልግም፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ የተቀጠሩበት ዓመትና የሥራ መደቡ ይበቃኛል አለች። እንዲህ ስትጠይቅ "ሚስጥር ነው" የሚላት አላገኘችም። የአምስት ባች ዝርዝር፣ ከ2013 እስከ 2017፣ በኤክሴል ተሰጣት።

ዝርዝሩን ስታየው ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ዝዋይ አካባቢ ያለ አንድ የአበባ እርሻ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ሰው! የእኛ ሰው ቢሆን እዚያው ኤክሴሉን ዘግቶ የዝዋይ መኪና ይሳፈር ነበር። እሷ ስለሰነፈች ቁጭ ብላ ዓመቱን አየች። አሥራ አንዱም በ2014 የገቡ ናቸው። ከዚያ በፊት አንድም የለም፣ ከዚያ በኋላም አንድም የለም። አንድ ዓመት ግሪን ሃውስ አስፋፍቶ ሰው ያፈሰ ድርጅት እንጂ በየዓመቱ ከእኛ ዘንድ የሚቀጥር አልነበረም።

ታች ደግሞ ሁለት ሁለት ሰው ብቻ የቀጠሩ ሦስት ቡና ላኪዎች ነበሩ። አንዱ "ቡና ኤክስፖርት" ይላል፣ አንዱ "ቡና ላኪ" ይላል፣ ሌላው በባለቤቱ ስም ነው የተጻፈው። ምሩቃኑ ፎርሙን ሲሞሉ እንደመሰላቸው ጽፈውታል። አጣራች። ሦስቱም አንድ ድርጅት ናቸው። ሲደመሩ ስድስት ሰው ሆኑ። በዓመት ሲደረደሩ ደግሞ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። አምስት ባች፣ አንድም ዓመት ያልዘለለ። የአበባው አሥራ አንድ ሰው ከዚህ ስድስት ሰው ጎን ምንም ነው። ጭንቅላት የሚቆጥር ሰው ይህን አያየውም፤ ዓመት መቁጠር ነው ነገሩ።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ነበሩ፣ ተደምረው ከሁሉም ይበልጣሉ። ግን እያንዳንዱ ወረዳ ለብቻው ነው፣ ቅጥሩም በማስታወቂያና በውድድር ስለሆነ መንገዱ ሌላ ነው ብላ ለብቻ አስቀመጠቻቸው።

ደግሞ ተጠራጣሪ ናት። ከአንዱ ባች ስልሳ ያህል ተመርቀው ፎርሙን የሞሉት ሃያ ምናምን ናቸው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ያለው ቀጣሪ እውነት ነው፣ የሌለው ግን አይቀጥርም ማለት አይደለም። "አሁን የሚሠሩበት" የሚለውንም አላመነችውም፤ ሌላ ቦታ ሦስት ዓመት ሠርቶ በልምድ የገባ ሰው ለአዲስ ምሩቅ ምልክት አይሆንም። የመጀመሪያ ሥራ የሚለውን ዓምድ ብቻ ወሰደች። ከዚያ ወደ ደብዳቤ ፋይሉ ዞረች። ቡና ላኪው በየዓመቱ ጳጉሜ አካባቢ ደብዳቤ ይጽፋል። ለምን ጳጉሜ? ጅማ ላይ ለቀማው ጥቅምት ሲገባ ይጠናከራል፣ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ሰው የሚፈልጉት ከዚያ በፊት ነው። ማስታወቂያ አይለጥፍም። ለዲፓርትመንቱ ይጽፋል፣ ስም ይላክለታል፣ አለቀ። ባለ ጋለሪው ሺህ ፎቶ ቢያነሳ ይህን አያገኘውም።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ልተወው። ከገጠር የመጣ ልጅ፣ አባቱ በግ ሸጦ የአዲስ አበባ ትራንስፖርት ሰጥቶት፣ ቀኑ ባለፈ ማስታወቂያ ደጅ ሲጠና ይውላል። ዝርዝሩ ግን መሳቢያ ውስጥ አለ። ያውቃሉ እኮ! ዲፓርትመንት ውስጥ ያለ መምህር ያውቃል፣ ደብዳቤውን የሚመዘግበው ያውቃል። ደብዳቤው ሲመጣ ለሁለት የሚያውቋቸው ልጆች ሹክ ይሏቸዋል፤ ለሌላው "ሰሌዳ ላይ ተከታተሉ" ይባላል። አራት ዓመት ያስተማርከውን ልጅ አንድ ገጽ ወረቀት መከልከል ምን ይሉታል? ሥራ በዘመድ ሆነ የምንለው ነገር ግማሹ የተሠራው እንዲህ ነው። የተለጠፈ ዝርዝር ቢኖር ሹክ የሚባል ነገር ባልኖረ።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ሰነፏ ልጅ በመጨረሻ ካሪየሮችን አንድ ነገር ለመነች፤ እዚያ ድርጅት ከገቡት መካከል ፈቃደኛ ለሆነ ሰው መልእክቴን አድርሱልኝ አለች። የሰውየውን ስልክ አልሰጧትም፣ የእሷን አደረሱላት። ደወለላት። ምን አለችው መሰላችሁ? "ጋሼ፣ ሥራ ፈልግልኝ" አላለችም። ይሄ ነው የሚያበሳጨው። "አንተ ስትገባ ምን ጠየቁህ? መጀመሪያ የት መደቡህ? ዘንድሮስ ይቀጥራሉ?" አለችው። ሰውየው የሚመልሰው ነገር ስለተጠየቀ ሃያ ደቂቃ አወራት። መጀመሪያ መፈልፈያ ጣቢያ ላይ ወቅቱን ሙሉ ማደር እንዳለ፣ የቡና ቅምሻ የሚመጣው ከዚያ በኋላ እንደሆነ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ እሸት ቡና እርጥበትና ስለ ማድረቂያ አልጋ እንደሚጠይቁ ነገራት። አንድ መጥፎ ዜናም ነገራት፦ በየዓመቱ ለዲፓርትመንቱ ደብዳቤ የሚያስጽፈው የጥራት ኃላፊው፣ እሱም የግቢው ምሩቅ፣ ሊለቅ ነው። እሱ ሲለቅ ደብዳቤውም አብሮ ሊቆም ይችላል። እንዲህ ያለ ቀጣሪ ብዙ ጊዜ ድርጅቱ አይደለም፣ አንድ ሰው ነው። ዝርዝር ላይም ይታያል፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ይቀጥርና የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ባዶ ይሆናሉ። ልጅቱ ኃላፊው ሳይለቅ አመለከተች። አንድ ሲቪ። አንድ!

ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ እንዲህ ያለች ልጅ ስትበዛ ምን ሊበሉ ነው?

ለነገሩ አይዟቸው፣ ሥራ ያገኙት ወንድሞቻችን አሉላቸው። እነሱን ሳላመሰግን መጨረስ አልችልም። ሥራ ባገኘ በሳምንቱ ከባች ግሩፕ የሚወጣው፣ ካሪየር ሲደውልለት "ቁጥሬን ማን ሰጣችሁ?" የሚለው፣ ፎርሙ በቴሌግራም ሲላክለት አይቶ ዝም የሚለው። "ተቀጥረዋል?" የሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ ትቶ ያልፋል። ደመወዙ ገብቷል፣ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኗል፣ ድርጅቱ በሚቀጥለው ወር ሌሎች ሁለት ሰው ይፈልጋል። ዝርዝሩ ላይ ግን በስሙ አንጻር የሚነበበው "መልስ አልሰጡም" ነው። የዘንድሮ ሰልፈኞችም ይህንኑ ሰምተው "ከእኛ ዲፓርትመንት የሚቀጥር የለም" እያሉ ሠላሳ ቅጂ ያዛሉ።